ከአንገት የሚነሳ የወር አበባ መዛባት

የወር አበባዋ የበዛባት ወይም የጠፋባት ሴት ሐኪም ቤት ስትሄድ ሐሳቧ ማህፀኗ ላይ ነው። ማዮማ ይሆን? እርግዝና ይሆን? የወሊድ መከላከያው ይሆን? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ይገኛል። ማህፀኑ ጤነኛ ሆኖ፣ እርግዝናም ሳይኖር፣ የችግሩ ምንጭ አንገት ላይ የሚገኝበት ጊዜ ግን አለ። ከማንቁርት በታች በመተንፈሻ ቱቦ ፊት ለፊት የተቀመጠው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም ወይም ከልኩ ሲያልፍ የወር አበባ የሚመጣበት ቀን ይለዋወጣል፤ የሚፈሰው ደምም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሐኪሞች ይህን ግንኙነት ካስተዋሉ ቆይተዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፎን ባዝዶ ታይሮይድ ከልክ በላይ በሚሠራበት ሕመም የተያዙ ሴቶች የወር አበባ ሊቀርባቸው እንደሚችል የጻፈው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግሪክ ሐኪሞች ታይሮይዳቸው የተዳከመባቸውን 171 ሴቶች መርምረው ከመቶ 23 የሚሆኑት የወር አበባቸው የተዛባ መሆኑን አሳይተዋል። ከጤነኞቹ መካከል ግን እንዲህ ያለ መዛባት የታየባቸው ከመቶ ስምንት ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይነግረናል። ታይሮይድ በእርግጥ ዑደትን ያዛባል፤ ይሁን እንጂ የታይሮይድ ሕመም ካለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ የወር አበባቸውን በጊዜው ያያሉ። ስለዚህ የወር አበባ ልክ መሆኑ ብቻውን ታይሮይድ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ልኩ ምን ያህል ነው?

ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ያለው ርዝመት ልክ ነው፤ ሁሉም ሴት በ28ኛው ቀን ማየት የለባትም። ደሙ እስከ ስምንት ቀን ቢቆይም ከልክ አልወጣም። መጠኑን በሚሊ ሊትር የሚለካ ሰው ስለሌለ በኑሮ ምልክት ማወቅ ይሻላል። ሞዴስ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ፣ ለሊት ተነስቶ መቀየር ግድ ከሆነ፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚበልጥ የረጋ ደም የሚወጣ ከሆነ ደሙ በዝቷል። በየወሩ ይህን ስታይ የኖረች ሴት ተፈጥሮዋ መስሏት ዝም ልትል ትችላለች።

ታይሮይድ የት ላይ እንደሚገባ ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። የዑደቱን ርዝመት የሚወስነው በዋናነት እንቁላል የሚወጣበት ቀን ነው። በዑደቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድገዋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይመጣና እድገቱን ገትቶ ሽፋኑን ያረጋጋዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፤ ሽፋኑም በአንድነት ይረግፋል፤ ይህ ነው የወር አበባ። እንቁላሉ ከዘገየ የወር አበባውም ይዘገያል። የደሙን መጠን ደግሞ የሚወስኑት ሽፋኑ የደረሰበት ውፍረትና ደሙ የመርጋት ችሎታው ናቸው። ታይሮይድ በእነዚህ በሁሉም ላይ እጁ አለበት።

ታይሮይድ ሲዳከም

ታይሮይድ የሚያመነጨው ዋናው ሆርሞን ቲ-4 ይባላል። ቲ-4 ሲያንስ አንጎል ይነቃል፤ ከሥሩ ባለው ፒቱታሪ በሚባል ትንሽ ዕጢ በኩል ቲ.ኤስ.ኤች የተባለውን አዛዥ ሆርሞን ያበዛል። ሠራተኛው በለገመ ቁጥር የአለቃው ጩኸት እንደሚጨምር ማለት ነው። በደም ምርመራ ቲ.ኤስ.ኤች ከፍ ብሎ መገኘቱ ታይሮይድ መዳከሙን፣ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ደግሞ ከልክ በላይ መሥራቱን የሚጠቁመው በዚህ ምክንያት ነው።

ፒቱታሪን የሚያነቃቃው ከአንጎል የሚመጣ መልእክት ግን ቲ.ኤስ.ኤችን ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ጡት የምታጠባ እናት ወተት እንዲኖራት የሚያደርገውን ፕሮላክቲንን አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ፕሮላክቲን ከፍ ሲል አንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚልከው ትእዛዝ ይደክማል። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ የሚዘገየውም በዚሁ መንገድ ነው። ታይሮይዷ የተዳከመባት ሴት ሳትወልድና ሳታጠባ እንቁላሏ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። ጥቂቶቹ ከጡታቸው ወተት የሚመስል ፈሳሽ ሲወጣ ያያሉ፤ ይህ ከወር አበባ መዛባት ጋር አብሮ ከታየ ለሐኪም ሊነገር የሚገባ ነገር ነው።

እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን አይመጣም። ኢስትሮጅን ብቻውን ሆኖ የማህፀኑን ሽፋን ሳምንት ከሳምንት ያወፍረዋል፤ የሚያቆመው የለም። በመጨረሻ ሽፋኑ መያዝ ሲያቅተው በአንድነት መርገፉ ቀርቶ እዚህም እዚያም እየተቆረሰ ይፈሳል። ስለዚህ የወር አበባው ሁለት ወር ጠፍቶ ይቆይና ሲመጣ አሥርና ከዚያ በላይ ቀን የሚቆይ፣ የረጋ ደም ያለበት፣ የሚያስፈራ ጎርፍ ይሆናል። ብዙ ሴቶች «የቀረው ተጠራቅሞ መጣ» ይላሉ። የተጠራቀመው ደም ሳይሆን የማህፀን ሽፋን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የታይሮይድ ሆርሞን በእጅጉ ሲያንስ ደም እንዲረጋ ከሚያግዙት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ይቀንሳሉ። ያኔ ዑደቷ ያልተዛባ ሴት እንኳ የወር አበባዋ ሊበዛ ይችላል። ጥርስ ሲቦረሽ ድድ የሚደማ፣ በትንሽ ግጭት ሰውነት የሚበልዝ ከሆነ ይህኛውን መንገድ ያስጠረጥራል።

ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ

በተቃራኒው አቅጣጫ ደሙ ይቀንሳል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ ጉበት የጾታ ሆርሞኖችን በደም ውስጥ ይዞ የሚያጓጉዝ ፕሮቲን በብዛት ያመርታል። በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኢስትሮጅን ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አብዛኛው ግን በፕሮቲኑ ተይዞ የሚቆይ ነው። ከአንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚሄደው ትእዛዝም ምቱ ይዛባል። ከዚህ ጋር በፍጥነት መክሳት ሲጨመር የወር አበባው እየሳሳ ይሄዳል። አምስት ቀን ይቆይ የነበረው ሁለት ቀን ይሆናል፤ በቀን አንድ ሞዴስ ይበቃል፤ ከዚያ ወሩን እየዘለለ ይመጣል፤ ሕመሙ ከበረታም ይቀራል። የደም መርጊያ ፕሮቲኖችም በዚህ ሕመም ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም።

ይህኛው ዓይነት የሚያሳስበው ሴቲቱን የማያስጨንቃት በመሆኑ ነው። ደም ሲበዛ ሰው ይደነግጣል፤ ደም ሲቀንስ ግን «ተገላገልኩ» ይባላል። ዕድሜዋ አርባዎቹን የተሻገረ ደግሞ ማረጥ የጀመራት ይመስላታል፤ ሙቀት መሰማቱና ላብ መብዛቱ በሁለቱም ስላለ ይበልጥ ያሳስታል። የሚለየው ሌላው ምልክት ነው። ልብ ተቀምጠውም ይመታል፤ ጣቶች ሲዘረጉ ይንቀጠቀጣሉ፤ ምግብ በደንብ እየተበላ ኪሎ ይቀንሳል፤ ሰገራ ይደጋግማል፤ አንዳንዶቹ ላይ ዓይን ወደ ፊት ይወጣል። ሳይታከም ከቆየ የልብን ምት ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል።

ደግሞ የወር አበባ መሳሳት እርግዝናን አይከለክልም። ታይሮይዷ ከልክ በላይ የሚሠራባት ሴት የወር አበባዋ ቢዘልም እንቁላል ልታወጣ ትችላለች። ሕመሙ ሳይታከም ማርገዝ ደግሞ ለእናቲቱም ለጽንሱም አደጋ አለው። ለሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶችም በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የሚመረጠውና የማይመረጠው የተለያየ ነው። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሐሳቧን አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

በነገሩ ውስጥ ስናልፍ

የሚከተለው ነገሩን ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ሐኪሞች ግን ደጋግመው የሚያዩት ዓይነት ነው። አንዲት የ34 ዓመት ሴት አለች እንበል። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የወር አበባዋ በየ29 ቀኑ እየመጣ አምስት ቀን ይቆይ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንዴ በ45ኛው፣ አንዴ በ60ኛው ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ዘጠኝ ቀን ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከቤት መውጣት አትችልም። ጤና ጣቢያ ሄደች። የእርግዝና ምርመራ ተደረገላት፤ የለም። ሄሞግሎቢኗ 9 ሆነ፤ ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። የብረት እንክብል ታዘዘላት። አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ማዮማ የለም።

ድካሟ፣ የፀጉሯ መነቃቀል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ማጠሩ ሁሉ የደም ማነስ ነው ተባለ። እውነት ነው፤ ደም ማነስ እነዚህን ያመጣል። ግን ያልተጠየቁ ነገሮች ነበሩ። ሌላው ሰው ሳይበርደው እሷን ይበርዳታል። ሆድ ድርቀት ይዟታል። ቆዳዋ ደርቋል። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። ሳትበላ ስድስት ኪሎ ጨምራለች። ደም ማነስ ብቻውን አያወፍርም፣ ሆድም አያደርቅም። ከሦስት ወር የብረት ሕክምና በኋላ ደሟ እምብዛም አለመሻሻሉም አያስደንቅም፤ የምትውጠው ብረት በየወሩ እየፈሰሰ ይሄዳል።

በኋላ ያየቻት ሐኪም ቲ.ኤስ.ኤች አዘዘችላት። በብዙ ላቦራቶሪዎች ልኩ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፤ የእሷ 38 ሆነ። ነፃው ቲ-4 ደግሞ ከልክ በታች ወርዷል። ታይሮይዷ መዳከሙ ተረጋገጠ። በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ተሰልቶ፣ 62 ኪሎ ስለሆነች፣ 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን በቀን አንድ ጊዜ ተጀመረላት። ይህ መድኃኒት ዕጢው ሊያመነጨው ያልቻለውን ቲ-4 የሚተካ ነው። ወጣትና ልቧ ጤነኛ ለሆነች ሴት እንዲህ ካለ መጠን መጀመር ይቻላል፤ በዕድሜ ለገፋችና የልብ ሕመም ላለባት ግን በጣም አንሶ ይጀመራል።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች እንደገና ሲታይ 17 ነበር። ወርዷል፤ ግን ከታሰበው በጣም ያነሰ ነው። መጠኑን ከመጨመሯ በፊት ሐኪሟ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፦ «እንዴት ነው የምትወስጂው?» ሴቲቱ እንዳትረሳ ብላ የብረቱንም የታይሮይዱንም እንክብል ጠዋት በቡና አንድ ላይ ነበር የምትውጣቸው። ችግሩ ይህ ነበር። ብረት ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ያስረዋል፤ ቡናም ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ደሟን ለመተካት የምትወስደው መድኃኒት ደሟን ያበዛባትን ሕመም እንዳይድን ያደርግ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። የታይሮይዱ እንክብል በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይወሰድ፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቆይቶ ቁርስና ቡና ይምጣ። ብረቱ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቅ፤ እሷ ማታ እንድትወስደው ተነገራት። ካልሲየምና አንዳንድ የጨጓራ መድኃኒቶችም እንዲሁ መራቅ አለባቸው። የመድኃኒቱ መጠን አልተጨመረም። በሚቀጥለው ምርመራ ቲ.ኤስ.ኤች 3 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው የወር አበባ አሁንም በርትቶ ነበር የመጣው፤ አስቀድሞ የወፈረው ሽፋን መውጣት ነበረበት። ሁለተኛው በ34ኛው ቀን፣ ሦስተኛው በ31ኛው ቀን መጣና ስድስት ቀን ቆየ። ብረቷም አሁን ሰውነቷ ውስጥ መቅረት ጀመረ፤ ሄሞግሎቢኗ 12 ደረሰ።

ከዚህ ምሳሌ ሴቶች ሊይዙት የሚገባው ዋና ነገር ጊዜው ነው። ሌቮታይሮክሲን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት በሰውነት ውስጥ ልኩን እስኪይዝ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቲ.ኤስ.ኤችም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ቢመረመር እውነተኛውን ነገር አይናገርም። የወር አበባ ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚስተካከለው። በመጀመሪያው ወር ለውጥ አላየሁም ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ወደ ኋላ ይመልሳል።

ምርመራውን የሚያሳስቱ ነገሮች

የወሊድ መከላከያ በሁለት መንገድ ነገሩን ይሸፍናል። የሦስት ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው በራሳቸው የወር አበባን ያሳሳሉ፣ ያዛባሉ ወይም ያስቀራሉ። እነዚህን የምትጠቀም ሴት ከዑደቷ ተነስታ ስለ ታይሮይዷ ምንም ማወቅ አትችልም፤ ሌሎቹን ምልክቶች ነው ማየት ያለባት። ኢስትሮጅን ያለበት የሚዋጥ እንክብል ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ቲ-4 ከፍ አድርጎ ያሳያል። ነፃው ቲ-4 ካልተለካ ጤነኛዋ ሴት ሕመምተኛ ልትመስል ትችላለች።

ሌላው ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች የምርመራ ዘዴ ላይ ጣልቃ ይገባና ቲ.ኤስ.ኤችን ዝቅ፣ ቲ-4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ፀጉሯ የተነቃቀለባት ሴት ባዮቲን እየወሰደች ብትመረመር የተዳከመ ታይሮይዷ ጤነኛ፣ ጤነኛው ደግሞ ከልክ በላይ የሚሠራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ማቆምና መውሰዷንም ለሐኪም መናገር አለባት።

እንቅርትስ?

በአገራችን ስለ ታይሮይድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው እንቅርት ነው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከአሥር ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያት በተመረመሩበት ጥናት ከመቶ 36 ገደማ የሚሆኑት እንቅርት ነበረባቸው። ጽንስ መጨናገፍና ሌሎች ከመውለድ ጋር የተያያዙ ችግሮችም እንቅርት ባለባቸው ላይ በዝተው ታይተዋል። ዋናው ምክንያት አዮዲን ማነስ ነበር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል።

እንቅርት ግን የዕጢውን መጠን እንጂ ሥራውን አይናገርም። ትልቅ እንቅርት ያላት ሴት ሆርሞኗ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት የቆየ ጉብታ ያለበት እንቅርት ከጊዜ በኋላ ከልክ በላይ ማምረት ሊጀምር ይችላል፤ አንገቷ ላይ ምንም የማይታይባት ደግሞ ታይሮይዷ ጨርሶ የተዳከመ ሊሆን ይችላል። ዕጢው ልክ እየሠራ ከሆነ የወር አበባ መዛባትን በእንቅርቱ ማሳበብ ልክ አይሆንም። የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። እንቅርት ያለባት ሴትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የአዮዲን እንክብል ወይም ጠብታ መውሰድ የለባትም፤ ጉብታ ባለበት እንቅርት ላይ የሚጨመር ብዙ አዮዲን ታይሮይዱን ከልክ በላይ እንዲሠራ ሊያደርገው ይችላል።

መቼና በምን መንገድ?

የወር አበባ ሲቀር መጀመሪያ የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ ነው። እርግዝና ከሌለና ዑደቱ ለሦስት ወር ያህል ከልኩ ከወጣ፣ ወይም ደሙ በየወሩ የሚያደክም ከሆነ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ምልክቶችም ያሉ ከሆነ ቲ.ኤስ.ኤች ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወልዳ ገና ዓመት ያልሞላት እናት በተለይ ልታስበው ይገባል። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ታይሮይድ ለጊዜው ሆርሞን ያፈስና በኋላ ሊዳከም ይችላል፤ ድካሙም በሕፃኑ እንቅልፍ ማሳጣት ይሳበባል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ያለፉት የሦስት ወር የወር አበባ ቀናት፣ ደሙ የቆየበት ጊዜ፣ በበዛበት ቀን የተቀየረው ሞዴስ ብዛት፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ ተጽፈው ቢቀርቡ ግምቱን ያሳጥራሉ። በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ ለሰዓታት የሚፈስ፣ ራስ የሚያዞር ወይም የሚያስት ደም ግን ቀጠሮ አይጠበቅበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ታይሮይድ ላይ የተገኘ ችግር ማህፀንን ከመመርመር አያድንም። አንዲት ሴት ሁለቱም ሊኖሩባት ይችላል። ታይሮይዷ ታክሞ ቲ.ኤስ.ኤች ልክ ሆኖ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ካለፈ በኋላም ደሙ የሚበዛ ከሆነ ማዮማ፣ ፖሊፕ ወይም ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ዕድሜዋ ከ45 ላለፈች ሴት የማህፀን ሽፋን ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ደግሞ ታይሮይድ ቢኖርባትም ባይኖርባትም ማህፀኗ መታየት አለበት። ቲ.ኤስ.ኤች ልክ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንድ ምክንያት ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው፤ ፍለጋው በሌሎቹ ላይ ይቀጥላል፤ ሴቲቱም «ምንም የለብሽም» ተብላ ከነደሟ ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም።